ሬዲዮ አንዱን ጣቢያ ከሌላው የሚለየው እንዴት ነው?

የኤፍኤም ሬዲዮ አንቴና በአካባቢው ያሉትን ጣቢያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። አንዱን ለመለየት ጥሩ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ጣቢያ በተቀየረ ቁጥር አብሮ የሚቀየር ጥሩ ማጣሪያ መሥራት ግን ከባድ ነው። ሱፐርሄትሮዳይን የሚባለው ሬዲዮ ማጣሪያውን ባለበት ትቶ ጣቢያውን ወደ ማጣሪያው ያመጣዋል።

የአዲስ አበባውን 97.1 እንውሰድ። ቁልፉን ስናዞር በሬዲዮው ውስጥ ያለው ኦስሌተር 107.8 ሜጋኸርዝ ያመነጫል። ሚክሰሩ ሁለቱን ሲያደባልቅ ከሚወጡት አንዱ ልዩነታቸው ነው፦ 107.8 − 97.1 = 10.7። ይህ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ ማጣሪያውም የሚያሳልፈው በ10.7 ዙሪያ ያለውን ብቻ ነው። የ98.1 ልዩነት 9.7 ስለሆነ አያልፍም። እሱን ለመስማት ኦስሌተሩን ወደ 108.8 ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ዘዴው አንድ ጉድለት አለው። 118.5ም ከ107.8 የሚርቀው በ10.7 ነው፤ ይህ ደግሞ አብራሪዎች የሚነጋገሩበት ክልል ነው። ሚክሰሩን ካለፉ በኋላ ሁለቱን መለየት ስለማይቻል፣ 118.5 ከሚክሰሩ በፊት መታገድ አለበት። በርካሽ ሬዲዮ ይህ ቅድመ ማጣሪያ ደካማ ስለሆነ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ የተዛባ ንግግር ጣልቃ ሊገባ ይችላል።

ባለመርፌ የሆኑ ሁለት የድሮ ሬዲዮኖች ካላችሁ ኦስሌተሩን ራሳችሁ ማግኘት ትችላላችሁ። አንዱን በላይኛው ጫፍ አካባቢ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አድርጉትና ሹሹታውን ስሙ። ሌላውን አጠገቡ አድርጋችሁ ከዚያ በ10.7 ዝቅ ባለው ቦታ ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። የመጀመሪያው ድንገት ጸጥ ካለ፣ ከሁለተኛው ያመለጠውን የኦስሌተር ሞገድ ይዞታል ማለት ነው።