ገበያ ቀዝቅዞ ነው ወይስ ሲስተም የለም?

በድረ ገጽ ኬክና አበባ የሚሸጥ አንድ የአዲስ አበባ ሱቅ አለ እንበል። ሐሙስ ማታ ባለቤቷ የዕለቱን ገቢ ስታይ 141 ሺህ ብር ይላል። «ዛሬ ገበያ ቀዝቅዟል» ብላ ስልኳን ታስቀምጣለች። ልክ ልትሆን ትችላለች። ግን ከረፋዱ ጀምሮ ደንበኞች ሊከፍሉ ሞክረው፣ ክፍያው አልሄድ ብሏቸው ትተውት ከሆነስ? ገዢ ያጣ ሱቅም፣ ገዢ በር ላይ ቆሞ የሚመለስበት ሱቅም ማታ የሚያሳዩት ያው የወረደ ቁጥር ነው።

141 ሺህ ትንሽ ነው ለማለት መጀመሪያ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር መወሰን አለበት። ከትናንት ጋር ማነጻጸር አያዋጣም፤ ትናንት ረቡዕ ጾም ነበር። ከቅዳሜ ጋርማ ጭራሽ አይሆንም፤ ሠርጉም ልደቱም ቅዳሜ ነው። ሐሙስ የሚመዘነው በሐሙስ ነው። ያለፉት ሰባት ሐሙሶች ገቢ በሺህ ብር ሲቀመጥ 182፣ 175፣ 190፣ 168፣ 185፣ 96 እና 179 ነው። 96ቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ የዋለበት ቀን ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አማካይ ያወጣል። አማካዩ 168 ሺህ ገደማ ይሆናል። ቀናቱ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቁ በተለመደው ቀመር ሲሰላ ደግሞ 32 ሺህ ገደማ ይመጣል። የማስጠንቀቂያው ወለል የዚህ ሦስት እጥፍ ወደ ታች ይሁን ከተባለ 70 ሺህ ገደማ ላይ ያርፋል። እንግዲህ የዛሬው 141 ሺህ ቀርቶ፣ ኢንተርኔት የጠፋበት 96 ሺህ እንኳ ሰላማዊ ቀን ተብሎ ሊያልፍ ነው። አንድ የተበላሸ ሐሙስ አማካዩን ወደ ታች ጎተተ፣ መዋዠቁን አሰፋ፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ብልሽት መደበቂያ ሠራለት።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ በእጅም ይሠራል። ሰባቱን ቁጥሮች ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድሩና መሐል የተቀመጠውን ይውሰዱ፤ 179 ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ሐሙስ ከ179 በስንት እንደሚርቅ ይጻፉ፦ 3፣ 4፣ 11፣ 11፣ 6፣ 83፣ 0። እነዚህንም ደርድረው የመሐሉን ሲወስዱ 6 ይሆናል። ባለሙያዎች ይህንን በ1.5 ገደማ አባዝተው የቀኑ ልማዳዊ መዋዠቅ ነው ይላሉ፤ 9 ሺህ መሆኑ ነው። ሦስት እጥፉ 27 ሺህ ስለሆነ ወለሉ 152 ሺህ ላይ ይቆማል። 96ቱ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ቀርቷል፤ መሐሉን ሊያንቀሳቅሰው አልቻለም። የዛሬው 141 ሺህ ደግሞ ከወለሉ በታች ወድቋል። ባለቤቷ ስልኳን መልሳ ማንሳት አለባት።

አሁን ጥያቄው ገንዘቡ የት ቀረ የሚለው ነው። ገቢው በመክፈያ መንገድ ይከፋፈል። በተለመደ ሐሙስ በቴሌብር 105 ሺህ፣ በባንክ መተግበሪያ 52 ሺህ፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ለቤተሰብ ሲያዝዙ በካርድ 22 ሺህ ይገባል። ዛሬ ቴሌብር 106፣ ካርድ 21፣ ባንክ ግን 14 ሺህ ብቻ ነው። ገበያ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ሦስቱም አብረው ይቀዘቅዙ ነበር። በሰዓት ሲታይ የባንኩ 14 ሺህ በሙሉ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት የገባ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድም ብር የለም። እንዲህ በቀጥታ መስመር የሚቆረጥ ሽያጭ የደንበኛ ፍላጎት አይደለም፤ የሲስተም ነው።

የከፋው ግን በከፊል የሚበላሸው ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2018 አውሮፓ ውስጥ የቪዛ ካርድ ክፍያ ለአሥር ሰዓት ያህል ሲንገዳገድ፣ መነሻው በአንድ የመረጃ ማዕከል ያለ ስዊች ውስጥ የተበላሸ ክፍል ነበር። ስዊቹ ሙሉ በሙሉ ስላልሞተ መጠባበቂያው ወዲያው ቦታውን አልተረከበም። ኩባንያው ኋላ እንዳሳወቀው ከ51.2 ሚሊዮን ክፍያዎች 5.2 ሚሊዮኑ በአግባቡ አልተፈጸሙም። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ማለት ነው። የእኛ ኬክ ቤት ገቢ በአንድ አሥረኛ ቢቀንስ 161 ሺህ ይሆናል፤ ከወለላችን በላይ ስለሆነ ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም።

ስለዚህ ከብሩ ይልቅ ጥምርታውን መከታተል ይሻላል እላለሁ፦ «ክፈል» የሚለውን ከተጫኑት ሰዎች ስንቱ ከፍለው ጨረሱ? በዓል ቢሆን፣ ጾም ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን የተጫኑት ሰዎች ቁጥር ይለዋወጣል እንጂ ጥምርታው ብዙም አይነቃነቅም። በተለምዶ ከመቶ 85ቱ የሚሳካላቸው ከሆነ፣ አምስት የተለያዩ ሰዎች በተከታታይ በአጋጣሚ ሳይሳካላቸው የሚቀርበት ዕድል ከ13 ሺህ አንድ ነው። ማታን መጠበቅ አያስፈልግም፤ አምስተኛው ላይ ደወል ይደወላል። የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ግን ይጣራ። ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ የሌለው አንድ ሰው አምስት ጊዜ ቢሞክር ብልሽት አይባልም።

ጥምርታውም የማያየው ነገር አለ። «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ራሱ ከገጹ ቢጠፋ የሚሞክር የለም፤ የሚሳሳትም የለም። ዝምታ ብቻ ነው የሚኖረው። ያኔ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የተሳካ ክፍያ ወዲህ ያለፈው ደቂቃ ነው። ቀን ቀን በሰዓት 12 ያህል ትእዛዝ የሚቀበል ሱቅ ለ40 ደቂቃ ጭጭ ካለ ያ በአጋጣሚ የሚሆነው ከ3 ሺህ አንዴ ገደማ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን 40 ደቂቃ ዝምታ ምንም አይደለም፤ ሰዎቹ ተኝተዋል።

ደወሉ ሲደወል መጀመሪያ የሚከፈተው የባንኩ መግለጫ ነው። አንዳንዴ ገንዘቡ ከደንበኛው ተቆርጦ ባንክ ደርሷል፤ የቀረው ባንኩ ወደ ሱቁ የሚልከው «ተከፍሏል» የሚል መልእክት ነው። ሱቁ ገቢ አላጣም፤ ኬኩን ሳይልክ የሰው ብር ይዟል። ከተቋረጠ ክፍያ ይልቅ ደንበኛን የሚያስመርረው ይሄኛው ነው።

የቀን መቁጠሪያም ያታልላል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑን ይቀይራል፤ ዒድ በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። «አምና በዚህ ቀን» ብሎ ማነጻጸር የጾምን ሳምንት ከፍስክ ጋር ያጋጫል። «ከፋሲካ አሥር ቀን በፊት» ብሎ መቁጠር ይሻላል። ሪፖርቱ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የእሱ ቀን የሚጀምረው ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚያመልጥ አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት የጀመረው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሮቹ በ07 ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት የተሠራ የመክፈያ ቅጽ በ09 የሚጀምር ስልክ ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ከሆነ፣ የ07 ደንበኞች አንድም ቀን ከፍለው አያውቁም። ገቢው አልወረደም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ያልነበረውን ደግሞ የትኛውም ከልማድ ጋር የሚያነጻጽር ስሌት አያገኘውም። ሱቅ ካለዎት የ07 ስልክ ያለው ሰው ይፈልጉና ነገ ከራስዎ ድረ ገጽ አንድ ኬክ ያስገዙት።