አፍ የለመደው እንግሊዝኛ

የጎረቤቴ ልጅ ሆቴል ውስጥ ለእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ልትፈተን ሦስት ቀን ሲቀራት፣ በእንግሊዝኛ የሸመደደችውን የራስ ማስተዋወቂያ እንድሰማላት መጣች። ወረቀቱ «ሪስፖንሲቢሊቲስ» እና «ኢንተርፐርሶናል ኮሙኒኬሽን ስኪልስ» በመሳሰሉ ቃላት ተሞልቷል። መጀመሪያውን ተወጣችው። «ሪስፖንሲ...» ላይ ስትደርስ ግን ምላሷ ተሳሰረ፣ ቀጥሎ ያለውም ሁሉ ጠፋት። ሽምደዳ እንደ ዶቃ ክር ነው፤ አንድ ቦታ ሲበጠስ ሁሉም ይፈሳል።

ወረቀቱን አጥፈን «እንግዳ ማረፊያው ውስጥ በትክክል የምትሠሪው ምንድነው?» አልኳት። ስልክ ትመልሳለች፣ ክፍል ትይዛለች፣ ሰው ትቀበላለች። እነዚህን በአጭሩ አስቀመጥናቸው፦ «አይ አንሰር ዘ ፎን። አይ ቡክ ሩምስ። አይ ሄልፕ ጌስትስ።» የመጨረሻዋ ቃል አስቸገረች፤ ሦስት ተነባቢ ያለ አናባቢ ተከታትለው ስለሚያልቁባት፣ የእኛ አፍ መሐል ላይ አናባቢ ይሰካል። «ፒፕል» ስንላት ነገሩ ቀለለ። ፈታኙም ከዚህ የሚያጣው ነገር የለም።

መኖሪያዋን ስትናገር «አይ ሊቭ ኢን ጀሞ» አለች፤ ግን «ሊ»ን አስረዘመችው። እንግሊዝኛ አጭርና ረጅም «ኢ» አለው፤ በረጅሙ ሲባል «እሄዳለሁ፣ እለቃለሁ» ወደሚለው ትርጉም ይሄዳል። እኛ አንዱን «ኢ» ብቻ ስለምናውቅ ልዩነቱ ለጆሯችንም አይገባም። በሦስት ቀን ጆሮ ማሠልጠን አይቻልምና «ማይ ሆም ኢዝ ኢን ጀሞ» ብለን አለፍነው።

«ዎርክድ» የምትለዋን ደግሞ መተው አላስፈለገም። ብዙዎቻችን ፊደሉን አይተን «ወርከድ» እንላለን፤ እንግሊዞቹ ግን በአንድ ትንፋሽ «ዎርክት» ነው የሚሉት፣ መጨረሻዋ «ት» ናት። ይህችን ካወቀች በኋላ አልተሳሳተችም።

ያልተሸሸው ቁጥሩ ነው። የሦስት ዓመት ልምድ አላትና «ስሪ ዪርስ» ማለት አለባት፤ እሷ ግን «ትሪ» እያለች ዛፍ ታደርገው ነበር። (ዓመተ ምሕረት ልንጠራ አስበን ነበር፤ የእኛ 2014 ለውጭ ሰው ሌላ ዘመን መሆኑ ትዝ ሲለን ተውነው።) መስታወት ፊት አቆምኳት። የምላስ ጫፍ በላይና በታች ጥርስ መሐል ወጣ ብሎ ካልታየ ድምፁ አልመጣም ማለት ነው፤ ሲታይ አየር ብቻ ማውጣት ነው። ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገመችው፤ አሥሩን እየሳቀች።

መጨረሻ ላይ ታናሽ ወንድሟን ጠርተን የሰማውን እንዲጽፍ ወረቀት ሰጠነው። እሷ ምንም ሳትይዝ ተናገረች። ስሟን፣ ጀሞን፣ ስልኩን፣ ክፍሉን በትክክል ጻፈ። ከሥር ደግሞ በቁጥር «3» ብሎ አሰመረበት።