የአያው ቁጥር በስልክ ላይ ለምን ይገለበጣል?

በረመዳን ሰሞን በየቤተሰቡ የሚመላለሰው የስልክ መልእክት አማርኛና ዓረብኛ ይቀላቀልበታል። ዋጫ ያሉ እናት ጅዳ የምትሠራ ልጃቸውን “ጾም የታዘዘበት አያ የትኛው ነው?” ብለው ጠየቁ እንበል። ልጅቷ በመልሷ የሱራውን ስም በዓረብኛ ትጽፋለች፤ አስከትላም 2፣ ሁለት ነጥብ፣ 183፣ ሰረዝ፣ 185፣ በመጨረሻም “ያንብቡ” ትላለች። ለእናትየው የሚታያቸው ግን ይህ ነው፦

```
ሱራ البقرة 2:183-185 ያንብቡ
```

እንደ ልማዳችን ከግራ ወደ ቀኝ ስናነበው ቁጥሩ ከሱራው ስም ቀድሞ 185-2:183 ይሆናል። በዚህ ዓይነት የተጻፈውን በደብተሩ የሚገለብጥ ሰው “ሱራ 185” ብሎ ሊይዝ ነው። የቁርኣን ሱራዎች 114 ናቸውና ስሕተቱ ወዲያው ያስታውቃል። ቁጥሩ አነስ ያለ ቢሆን ግን ማን ይጠረጥራል?

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ስልኩም አልተበላሸም። ስልክ ፊደሎቹን የሚያስቀምጠው በተጻፉበት ተራ ነው። ወደ ስክሪን ሲያወጣቸው ግን ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ባወጣው ደንብ ይደረድራቸዋል። በደንቡ መሠረት የዓረብኛ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ፣ የግዕዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቁጥር ግን የራሱ ጠንካራ አቅጣጫ የለውም። 183 በዓረብኛ ጽሑፍ ውስጥም ቢሆን አንዱ መቶ በግራ ሆኖ ይጻፋል፤ ሙሉው ቁጥር የሚቀመጥበትን ስፍራ የሚወስነው ግን ከፊቱ የቀደመው ፊደል ነው። እዚህ የቀደመው ዓረብኛ ስለሆነ ቁጥሩ የዓረብኛውን ሰልፍ ተከትሎ ከስሙ በስተግራ ገባ።

ታዲያ 2:183 ሳይበተን 185 ብቻውን ለምን ተነጠለ? ነገሩ ያለው በምልክቶቹ ላይ ነው። በሁለት ቁጥሮች መካከል የገባ ሁለት ነጥብ የቁጥሩ አካል ተደርጎ ስለሚቆጠር 2 እና 183 አብረው ይቆያሉ፤ የኢፍጣር ሰዓት ስንጽፍ 6:25 የማይፈርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰረዝ ግን ከዓረብኛ በኋላ ይህ መብት የለውም። ሁለቱን ወገን ለያይቶ ከቀኝ ወደ ግራ ያሰልፋቸዋል። ዓረብኛ የሚያነብ ሰው ከቀኝ ስለሚጀምር መጀመሪያ 2:183ን፣ ከዚያ 185ን ያገኛል፤ ለእርሱ ትክክል ነው። ግራ የሚገባን ከግራ የምንጀምረው እኛ ነን።

በባዶ ቦታ የተከፋፈለ ስልክ ቁጥርም ከዓረብኛ ስም ቀጥሎ ከመጣ ይኸው ይደርስበታል፤ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ወደ ግራ ይመጡና ቀዳሚ ይመስላሉ። ለዘካ ወይም ለኢፍጣር የሚደወልበት ቁጥር ከሆነ ጣጣው ቀላል አይደለም። ሳይከፋፈል በአንድ ላይ የተጻፈ ቁጥር ግን አይበተንም።

መላው አንድ የአማርኛ ቃል ነው። በዓረብኛው ስምና በቁጥሩ መካከል “ቁጥር” ብለን ብንጨምር ከቁጥሩ ፊት የቀደመው የግዕዝ ፊደል ይሆንና ሁሉም ስፍራውን ይይዛል፦

```
ሱራ البقرة ቁጥር 2:183-185 ያንብቡ
```

የዓረብኛውን ስም ከቁጥሩ በኋላ ማስከተልም ያው ነው። ይህ የሚሠራው ግን በለመድናቸው አሃዞች ስንጽፍ ነው። ቁጥሩ ራሱ በዓረብኛ አሃዞች ከተጻፈ ሰረዙ እንደገና ይገለብጠዋል፤ ያኔ ሰረዙን ትቶ “ከ” እና “እስከ” ማለት ይሻላል። በሁለት ነጥቡ ፋንታ የአማርኛውን ፥ ማስገባትም አያዋጣም። እርሱ እንደ ግዕዝ ፊደል ስለሚቆጠር 2ን ከዓረብኛው በስተግራ ጥሎ 183-185ን በስተቀኝ ያስቀራል።

ተገልብጦ የታየንን ቁጥር እኛው ገልብጠን “ማስተካከል” ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ለዓይን የተስተካከለ ይመስላል፤ የተቀመጠው ተራ ግን አሁን በእውነት ተሳስቷል። መልእክቱ ተቀድቶ ዓረብኛው ሲወጣ 185 ከ183 ቀድሞ ይገኛል። የተጠራጠረ ሰው ቁጥሩን ብቻ ቀድቶ ከአንድ የአማርኛ ቃል ኋላ ይለጥፈው፤ በዋናው መልእክት የተጻፈበት ተራ ያን ጊዜ ይታየዋል። በፎቶ የተላከ ስክሪን ግን ይህን ዕድል አይሰጥም፤ የተገለበጠው እንደተገለበጠ ይቀራል። ስለዚህ የአያ ቁጥር ለዘመድ ስንልክ ከፎቶው ይልቅ ጽሑፉን ራሱን እንላክ።