ሣጥኑ ውስጥ ማን አለ?

አንድ ወጣት ሐኪም ትልቅ ሣጥን አስጭኖ ወደ አንዲት አሮጌ የጠፈር መርከብ ይገባል። ሣጥኑን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የመንግሥት ሰላይ መሆኑ ሲታወቅ ጥርጣሬው እሱ ላይ ያርፋል። የመርከቧ አዛዥ ማል በመጨረሻ ሣጥኑን በግድ ሲከፍተው ውስጡ አንዲት ልጃገረድ ተኝታ ያገኛል። የሐኪሙ የሳይመን እህት ሪቨር ናት፤ ከያዟት ሰዎች እጅ ደብቆ ማውጣቱ ነበር።

ጆስ ዊደን «ፋየርፍላይ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ሊጀምርበት ያሰበው ክፍል ይህ ነው፤ ርእሱ በመርከቧ ስም «ሴሬኒቲ» ይባላል። በፎክስ ቴሌቪዥን የታየው ግን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2002፣ ድራማው ከተጀመረ ሦስት ወር ቆይቶ፣ የስርጭቱ መዝጊያ ሆኖ ነው። ተመልካቹ ያኔ ሪቨርን አሳምሮ ያውቃታል። ሳይመንም ሰላይ እንዳልሆነ ያውቃል። እንግዲህ ሣጥኑ ሲከፈት ማን ይደነግጣል?

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የጣቢያው ኃላፊዎች የሁለት ሰዓቱን የመክፈቻ ክፍል ሲያዩት ድርጊት ያንሰዋል፣ አዛዡም ፊቱ የጨለመ ነው ብለው አልወደዱትም። ሌላ መክፈቻ ጠየቁ። ዊደንና የሥራ ባልደረባው ቲም ሚኒር በአንድ ቅዳሜና እሁድ አዲስ ድርሰት ጻፉ፤ የባቡር ዘረፋ ታሪክ የሆነው «ዘ ትሬይን ጆብ» ሴፕቴምበር 20 ቀን ቀድሞ ተላለፈ። ሰዎቹ ማን እንደሆኑ፣ እንዴትም እንደተገናኙ በጨዋታ መሀል በጥድፊያ ይነገራል። ከዚያም በኋላ ጣቢያው ክፍሎቹን ማቀያየሩን ቀጠለ። አራተኛ መሆን የነበረበት «ሺንዲግ» ስድስተኛ ሆኖ ወጣ። ከተቀረጹት 14 ክፍሎች 11ዱ ብቻ ታይተው ድራማው ተቋረጠ።

በ2003 በዲቪዲ ሲወጣ ክፍሎቹ ደራሲዎቹ ባሰቡት ተራ ተደረደሩ፤ ያልታዩት ሦስቱም ተጨመሩ። አብዛኛው ወዳጁ ዛሬ ድራማውን የሚያውቀው በዚህ ተራ ነው።

ብዙ ሰው ይህንን የዲቪዲ ተራ «የቀረጻ ቅደም ተከተል» ይለዋል፤ ክርክሩን የሚያወሳስበውም ይህ ስሕተት ነው። የቀረጻ ተራ ማለት ክፍሎቹ በካሜራ ፊት የተሠሩበት ተራ ነው። በ«ፋየርፍላይ» መጨረሻ የተቀረጸው «ዘ ሜሴጅ» ነው፤ ተዋንያኑ ድራማው መቋረጡን የሰሙት እሱን ሲሠሩ ነበር። በዲቪዲው ላይ ግን የመጨረሻው «ኦብጀክትስ ኢን ስፔስ» ነው። ስለዚህ ያሉት ተራዎች ሦስት ናቸው፤ የተቀረጸበት፣ የተላለፈበትና ደራሲው ያሰበው። ሁለት ሰዎች «ትክክለኛው ተራ» እያሉ ሲሟገቱ አንዳንዴ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

ተራው የሚዛባው በጣቢያ ትእዛዝ ብቻም አይደለም። በ1966 የተጀመረውን «ስታር ትሬክ» እንይ። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክ ስለነበረ፣ የጠፈር ምስሉ ተሠርቶ ቶሎ ያለቀው ቀድሞ ይወጣ ነበር። «ዘ ኮርቦማይት ማኑቨር» የመደበኛው ቀረጻ የመጀመሪያ ክፍል ሆኖ ሳለ የታየው አሥረኛ ላይ ነው። ከእሱም በፊት ለሙከራ የተሠራው ክፍል ሦስተኛ ወጣ፤ በዚያ ሳምንት የመርከበኞቹ ልብስ ሌላ፣ ሐኪሙም ሌላ ሰው ሆኖ ይታያል። ተራ መዛባቱ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ምልክት ነው፤ ልብስ ይለወጣል፣ የተዋወቁ ሰዎች እንደገና ይተዋወቃሉ።

ለ«ስታር ትሬክ» ስርጭቱን ተከትሎ ማየት የሚወዱ፣ በ1966 ሕዝቡ ያየው እሱን ነው ይላሉ። በቀረጻው ተራ የሚያዩት ደግሞ ተዋንያኑ ገጸ ባሕርያቸውን ቀስ በቀስ ሲያገኙት መከታተል ደስ ይላቸዋል። ታሪኩ ከክፍል ወደ ክፍል ስለማይንጠለጠል በሁለቱም የሚጎዳ የለም። በ«ፋየርፍላይ» ግን አቋሜ አንድ ነው። «ኤሪየል» በተባለው ክፍል ከመርከቡ ሰዎች አንዱ ሐኪሙንና እህቱን ለመንግሥት አሳልፎ ይሰጣል። ክሕደቱ የሚያመው እነዚያ ልጆች ወደ መርከቡ የገቡበትን ቀን፣ ያንን ሣጥንም፣ ላየ ሰው ነው። ስርጭቱን የተከተለ ተመልካች ግን «ኤሪየል»ን ኖቬምበር 15 አየ፤ ሣጥኑን ከወር በኋላ። እንዲህ ያለውን ተራ በታሪክነቱ ማወቅ ይበቃል፤ ለመመልከቻ ግን አይሆንም።

ድራማውን ገና ያላያችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት የመጀመሪያውን ክፍል ርእስ ተመልከቱ። በባቡር ዘረፋው የሚጀምር ከሆነ አቁሙና «ሴሬኒቲ»ን ፈልጋችሁ ከእሱ ጀምሩ። በ2005 የወጣው ፊልምም ስሙ ይኸው ነውና እንዳያሳስታችሁ፤ እሱ የሚታየው ከ14ቱም ክፍሎች በኋላ ነው።