በሄሮን ለሚሠሩ ጸሐፊዎች የሳምንት ምሳ ማስታወቂያ እንዴት ይጻፋል?

በጅቡቲ ከተማ በሰሜን በኩል ያለው ሄሮን ኤምባሲዎችና ሰፋፊ መኖሪያ ቤቶች የሚገኙበት ሰፈር ሲሆን፥ ከአሮጌው ወደብም ብዙ አይርቅም። በዚህ ሰፈር አንዲት ባለሙያ በቤቷ ምሳ አብስላ በአቅራቢያዋ ላሉ ጽሕፈት ቤቶች ልትልክ አሰበች እንበል። ለዚህም የሚከተለውን አጭር ማስታወቂያ ጽፋ በየደጁ አደለች፤ «የቤት ምሳ በ6 ሰዓት እናደርሳለን። ዋጋው በሳምንት 5,000 ፍራንክ ነው።» ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጠብ ተደብቋል።

መጀመሪያው ሰዓቱ ነው። ለአማርኛ አንባቢ 6 ሰዓት እኩለ ቀን ነው። ይኸው ጽሑፍ ቃል በቃል ወደ ፈረንሳይኛ ሲመለስ ግን 6 ሰዓት ማለት ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ይሆናል። በአንድ ቢሮ አማርኛ አንባቢውም ፈረንሳይኛ አንባቢውም አብረው ስለሚሠሩ፥ ሁለቱም አቈጣጠር ጐን ለጐን መጻፍ አለበት። በጅቡቲ በቀትር ሙቀት ብዙ መሥሪያ ቤትና ሱቅ የሚዘጋ በመሆኑም ግማሽ ሰዓት የዘገየ ምሳ የተቈለፈ በር ያገኛል።

ሁለተኛው «በሳምንት» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በአማርኛ «በየሳምንቱ» ማለት ይሆናል፤ «ከአንድ ሳምንት በኋላ» ማለትም ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ቅድሚያ ይከፈላል ብሎ ሲያስብ፥ ሌላው ሳምንቱን በልቶ ለመክፈል ይዘጋጃል። ስንት ቀን እንደ ሆነም አይናገርም። በጅቡቲ የሥራ ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሳምንት ሲባል ሰኞን ይጀምራልና «ከእሑድ እስከ ሐሙስ፥ አምስት ምሳ» ብሎ መቍጠር ይሻላል።

ከዚሁ የቀን አቈጣጠር የምግቡ ዝርዝር ይወጣል። በኦርቶዶክስ ሃይማኖት ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው፤ ዓርብ ግን በዕረፍት ቀን ስለሚውል ለባለሙያዪቱ የሚቀራት የረቡዕ ብቻ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲገባ ግን ዝርዝሩ ሁለት ዐይነት ይሁን፤ በረመዳን ደግሞ የቀኑ ምሳ ይቅር። የሥጋው ነገር ከዚህ ይረቃል። የከተማው ሕዝብ ከሞላ ጐደል እስላም ስለ ሆነ ሥጋው በእስላም እጅ የታረደ መሆኑን ማስታወቂያው በግልጽ ካልተናገረ አብዛኛው ሰው አይገዛም፤ በቀድሞው ልማድ የሚጸና የኢትዮጵያ ክርስቲያን ደግሞ ይህን ሥጋ አይበላም። ሁለቱን በአንድ ድስት የሚያስማማው ምስር፥ ሽሮ፥ ጎመንና ዓሣ ነው፤ ለእነዚህ ዕርድ አያሻቸውምና። ስለዚህ ብልህ ባለሙያ ከአምስቱ ቀን ሦስቱን በእነዚህ ትይዛለች። ዓሣውን ግን «የጾም» ብላ አትጻፍ፤ በዚህ ላይ ምእመናን ራሳቸው አይስማሙም፥ የምሳ ወረቀትም ክርክሩን አይፈታውም።

ሦስተኛው፥ ለነጋዴ ዐይን ከሁሉ የሚበልጠው፥ ያልተበላ ምሳ ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል 20 ደንበኞች አሉ እንበል። በሳምንት 100,000 ፍራንክ ይገባል። ለአንድ ሳሕን እህል፥ ዘይትና ሥጋ 500 ፍራንክ ቢወጣ፥ ለመቶው ሳሕን 50,000 ይሆናል። ለተላላኪው 15,000፥ ለጋዝ፥ ለውሃና ለሳሙና 5,000 ሲከፈል ለባለሙያዪቱ ድካም 30,000 ይተርፋታል። አሁን በየቀኑ ሦስት ሰው ቀረ እንበል፤ አንዱ ታመመ፥ አንዱ ወደብ ወረደ፥ አንዱ ግብዣ ሄደ። በሳምንት 15 ሳሕን ነው። ምግቡ ከበሰለ በኋላ መቅረታቸው ተነግሯት የየቀኑን 1,000 ፍራንክ ብትመልስ፥ 15,000 ይኸውም የትርፏ እኩሌታ ይሄዳል። ምንም ባትመልስ ደግሞ ደንበኛው በሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም።

መካከለኛው መንገድ ይህ ነው። በዋዜማው ማታ የተናገረ ሰው 500 ፍራንክ፥ ማለት ገበያ ያልወጣበትን የእህሉን ዋጋ ብቻ፥ ለሚቀጥለው ሳምንት ይታሰብለት፤ በዕለቱ የተናገረ ምንም አይታሰብለት። እንዲህ ከሆነ ሁሉም በጊዜው ሲናገር 30,000ው አይነካም፤ ደንበኛውም ያልበላውን እንዳልከፈለ ይሰማዋል። የአንድ ቀን ምሳ ለሚፈልግ ዋጋው 1,200 ይሁን፤ ለቍርጡ ሳምንት የተቀነሰው 200 ፍራንክ ባለሙያዪቱ ቍጥሩን አስቀድማ ስለምታውቅ የምትከፍለው ነው። 5,000 ደግሞ አንድ ኖት ስለ ሆነ መልስ መፈለግ አይኖርም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ቢጸናም፥ ሽንኵርቱና ቲማቲሙ ከኢትዮጵያ ስለሚመጣ መንገድ ሲታወክ ዋጋው ይዘላል፤ ስለዚህ «ዋጋው የሚጸናው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው» የሚል ቃል አይጐድል።

በጅቡቲ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋልና የማመላለሱም ነገር መታሰብ አለበት። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኵስ ሆኖ ሊቈይ ይገባዋል፤ ከዚያ ወርዶ ለብ ሲል ተሕዋስያን ይራባሉ፥ በእንደዚህ ያለ ሙቀትም አንድ ሰዓት ብቻ ይበቃቸዋል። ከሁሉ የሚያሳስበው ሩዝ ነው። በሩዝ የሚገኘው አንዱ ተሕዋስ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፤ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቈይ መርዝ ያወጣል፥ ያንንም መርዝ እንደ ገና ማሞቅ አያጠፋውም። ሽታውና ጣዕሙም ላይለወጥ ስለሚችል አፍንጫን ማመን አይገባም፤ በድስቱ መካከል የሚገባ ትንሽ ቴርሞሜትር ይበልጣል። የትናንት ሩዝ አይላክ። እንጀራው ከወጡ በተለየ ምሳ ዕቃ ይሁን፤ ካልሆነ ሲደርስ ራሱን መያዝ አይችልም። ቦምቤይ ከተማ ውስጥ ከ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ምሳ የሚያመላልሱ ሰዎች እንደሚያደርጉት፥ በየምሳ ዕቃው ክዳን ላይ የሕንጻውንና የፎቁን ምልክት በቀለም መጻፍም ስሕተትን ይቀንሳል።

እንግዲህ ማስታወቂያው ተስተካክሎ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

«የቤት ምሳ፥ በሄሮንና በእግር ሩብ ሰዓት በሚያስኬድ ቦታ ለሚገኙ ጽሕፈት ቤቶች። የሚደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ፥ በፈረንሳይ አቈጣጠር በ12 ሰዓት ከሩብ ነው።

እሑድ፥ ሩዝ ከበግ ሥጋ ጋር። ሰኞ፥ የምስር ወጥና ጎመን በእንጀራ። ማክሰኞ፥ የተጠበሰ ዓሣ በቂጣ። ረቡዕ፥ በዘይት የተሠራ ሽሮና ሰላጣ በእንጀራ። ሐሙስ፥ ዶሮ ወጥ ከእንቍላል ጋር። ሥጋውና ዶሮው በእስላም እጅ የታረደ ነው።

የአምስቱ ቀን ዋጋ 5,000 ፍራንክ ሲሆን እሑድ ጧት በቅድሚያ ይከፈላል፤ የአንድ ቀን 1,200 ፍራንክ ነው። ዋጋው የሚጸናው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። በዋዜማው እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፥ በፈረንሳይ አቈጣጠር እስከ 19 ሰዓት፥ መቅረቱን ለሚያስታውቅ 500 ፍራንክ ለሚቀጥለው ሳምንት ይታሰብለታል። ባዶው ምሳ ዕቃ በማግሥቱ ለተላላኪው ይመለስ።»