የገበታ ጠጠር በስልክ ላይ እንዴት ይንቀሳቀሳል? የጌም ኢንጂን ሥራና የትንንሽ ቡድኖች ምርጫ

የምዕራብ ሐረርጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው ጭሮ የሚኖሩ ሦስት ወጣቶች ገበታን የስልክ ጨዋታ ለማድረግ ተነሱ እንበል። ያላቸው አንድ መካከለኛ ላፕቶፕና በየወሩ የሚገዙት የሞባይል ዳታ ነው። ጨዋታው በጭሮ ብቻ ሳይሆን በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሂርናና በሚኤሶ በሚገኙ ርካሽ ስልኮች ላይ ጭምር እንዲሠራ ይፈልጋሉ። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ እና ገበታ የተሰኙ የስልክ ጨዋታዎችን አቅርቧል። ወጣቶቹ ግን የመጀመሪያውን የጨዋታ ሕግ ከመጻፋቸው በፊት ጨዋታውን በየትኛው ጌም ኢንጂን እንደሚሠሩት መወሰን አለባቸው። ውሳኔው ከባድ የሚሆነው በኋላ ለመለወጥ ስለሚያስቸግር ነው።

ጌም ኢንጂን ጨዋታውን የሚፈጥር ሳይሆን ማንኛውም ጨዋታ ሊያደርገው የሚገባውን ተደጋጋሚ ሥራ የሚያከናውን ሶፍትዌር ነው። በአንድ የተለመደ የገበታ አጨዋወት 12 ጉድጓዶችና በእያንዳንዱ 4፣ በድምሩ 48 ጠጠሮች አሉ። ጠጠሮቹ ከየትኛው ጉድጓድ ተነሥተው ወዴት እንደሚዘሩና መቼ እንደሚበሉ የሚወስነውን ሕግ የሚጽፈው ቡድኑ ነው። ጣት ስክሪኑን የት እንደነካ ማወቅ፣ ጠጠሮቹን መሳል፣ ድምፅ ማሰማት፣ ሥዕሎችን ከስልኩ ማከማቻ አውጥቶ ማዘጋጀትና ይህን ሁሉ በተለያየ ስልክ ላይ ማስኬድ የኢንጂኑ ድርሻ ነው።

ኢንጂኑ ይህን የሚያደርገው ያለማቋረጥ በሚዞር ዑደት ነው። በእያንዳንዱ ዙር የተጫዋቹን ንክኪ ይቀበላል፤ የቡድኑን ሕግ ያስፈጽማል፤ የጠጠሮቹን አዲስ ቦታ ያሰላል፤ በመጨረሻም አንድ ሥዕል በስክሪኑ ላይ ያሳያል። ጥሩ ስልክ ይህን በሰከንድ 60 ጊዜ ያደርጋል። ስለዚህ ለአንዱ ዙር ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ አይበልጥም። ሥራው በዚህ ጊዜ ካላለቀ ሥዕሉ ይዘገያል፤ ተጫዋቹም ጨዋታው ተቆራረጠ ይላል።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ጠጠር በየዙሩ 5 ነጥብ ወደፊት እንዲሄድ ቢታዘዝ፣ በሰከንድ 60 ዙር በሚያዞር ስልክ 300 ነጥብ ይጓዛል። በሰከንድ 30 ዙር ብቻ በሚያዞር ርካሽ ስልክ ግን የሚጓዘው 150 ነጥብ ነው። ያው ጨዋታ በአንዱ ስልክ ፈጣን፣ በሌላው ቀርፋፋ ይሆናል። መፍትሔው ፍጥነቱን ካለፈው ዙር ወዲህ ባለፈው ጊዜ ማባዛት ነው፤ ይህን ጊዜ ለክቶ የሚያቀብለውም ኢንጂኑ ነው። ጎዶት በተባለው ኢንጂን ትእዛዙ የሚጻፈው እንደሚከተለው ነው፦

```
position.x += 300 * delta
```

በዚህ መንገድ ጠጠሩ በሁለቱም ስልኮች በሰከንድ 300 ነጥብ ይጓዛል። በደካማው ስልክ ላይ እንቅስቃሴው ሻካራ ቢመስልም ፍጥነቱ ግን አይለወጥም።

ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የሚሠራ ጨዋታ ሌላም ፈተና አለበት። መልእክቶቹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መታየት ይኖርባቸዋል። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ በኢንጂኖቹ መደበኛ ፎንት ይነበባል። የግእዝ ፊደል ግን በእነዚህ ፎንቶች ውስጥ ስለማይገኝ በቦታው ባዶ ካሬዎች ሊታዩ ይችላሉ። ችግሩ አንዳንድ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል፤ የአልሚው ኮምፒውተር የራሱን የግእዝ ፎንት ለጨዋታው ስለሚያውሰው ጽሑፉ እዚያ በትክክል ይታያል፤ ሌላ ስልክ ላይ ሲጫን ግን ካሬ ይሆናል። ስለዚህ እንደ `Noto Sans Ethiopic` ያለ በነፃ የሚገኝ ፎንት ከጨዋታው ጋር አብሮ መታሸግ አለበት።

እንግዲህ ሥራቸው ተመሳሳይ ከሆነ ትንንሽ ቡድኖች አንዱን ኢንጂን ከሌላው የሚያስበልጡት በምንድን ነው? በመጀመሪያ የሚታየው ክብደቱ ነው። ለትልልቅ ባለ ሦስት አውታር ጨዋታዎች የሚመረጠው አንሪል በአሥር የሚቆጠሩ ጊጋባይቶችን የሚወስድ ሲሆን ጠንካራ ኮምፒውተርም ይጠይቃል። ዩኒቲ ከነአንድሮይድ ማሟያዎቹ በርካታ ጊጋባይት ይሆናል። የጎዶት መሥሪያ ፕሮግራም ግን በሜጋባይት የሚለካ ነው፤ ሆኖም ጨዋታውን ለአንድሮይድ ለማሸግ ተጨማሪ ፋይሎችን ማውረድ ግድ ይላል። ዳታ በገንዘቡ ለሚገዛ ቡድን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በሌላ በኩል ዩኒቲ ለረጅም ዓመታት በስልክ ጨዋታ ላይ የቆየ በመሆኑ ለማስታወቂያና ለክፍያ የተዘጋጁ ማሟያዎች አሉት፤ ስለ እርሱ የተዘጋጁ ትምህርቶችም ብዙ ናቸው። በጎዶት ማስታወቂያ ለማስገባት የሚያስፈልጉት ማሟያዎች በአብዛኛው በተጠቃሚዎች የተሠሩ ስለሆኑ የመፈተኑ ኃላፊነት በቡድኑ ላይ ይወድቃል። ከማስታወቂያ ገቢ ለሚጠብቅ ቡድን ይህ ሚዛኑን ወደ ዩኒቲ ሊያደፋው ይችላል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚታለፈው የፈቃድ ውሉ ነው። ይህ ጉዳይ በግልጽ የታየው መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም ዩኒቲ አዲስ ክፍያ ባስታወቀ ጊዜ ነው። በታኅሣሥ ወር ሊጀመር በነበረው በዚህ ዕቅድ መሠረት፣ በነፃው ፈቃድ የሚሠራ ቡድን ጨዋታው በዓመት 200 ሺህ ዶላር ካስገባና ከ200 ሺህ በላይ ጊዜ ከተጫነ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ጭነት በበለጸጉ አገሮች 20 ሳንቲም፣ በሌሎች 2 ሳንቲም እንዲከፍል ይጠየቅ ነበር። አንድ ሚሊዮን ተጨማሪ ጭነት በ2 ሳንቲም ሲሰላ 20 ሺህ፣ በ20 ሳንቲም ሲሰላ ደግሞ 200 ሺህ ዶላር ነው። ነፃ ጨዋታን የሚጭኑ ብዙዎች አንድም ገንዘብ ስለማይከፍሉ፣ የጨዋታው ተወዳጅነት ራሱ ዕዳ ሊሆን ይችላል የሚል ሥጋት ተፈጠረ።

የጨዋታ ሠሪዎች ተቃውሞ ስለበረታ ኩባንያው በቀናት ውስጥ ዕቅዱን አሻሻለ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ፣ ጨርሶ ሰረዘው። ይሁንና አንዳንዶች ከዚያ በፊት ወጥተው ነበር። ስሌይ ዘ ስፓየር በተሰኘው የካርድ ጨዋታ የሚታወቀው ሜጋ ክሪት የተባለው አነስተኛ ቡድን ሁለተኛውን ክፍል ከሁለት ዓመት በላይ በዩኒቲ ሲሠራ ከቆየ በኋላ ወደ ጎዶት አዛውሮታል።

ሁለት አርጀንቲናውያን የጀመሩት ጎዶት እ.አ.አ ከ2014 ጀምሮ ምንጩ ክፍት ነው። ቀድሞ በወጣ እትም የተሰጠን ፈቃድ መልሶ የሚነጥቅ ባለቤት የለውም፤ ጨዋታ ከሚያስገኘው ገቢም ድርሻ አይጠይቅም። አንሪል በበኩሉ ጨዋታው አንድ ሚሊዮን ዶላር እስኪያስገባ ድረስ ድርሻ አይጠይቅም፤ ከዚያ በላይ ካለው ገቢ ግን 5 በመቶ ይወስዳል።

ወደ ጭሮው ገበታ ስንመለስ፣ 48 ጠጠሮች ያሉት ባለ ሁለት አውታር ጨዋታ ለየትኛውም ኢንጂን አይከብድም። ስለዚህ ሚዛኑን የሚያደፋው የኢንጂኑ ኃይል ሳይሆን ላፕቶፑ፣ ዳታውና ውሉ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ወደ ጎዶት ያመለክታሉ፤ ከቡድኑ አንዱ ዩኒቲን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ግን የተጠራቀመው ልምድ ከሚቆጠበው ዳታ ሊበልጥ ይችላል።

ከመወሰን በፊት የሚደረገው ፈተና አጭር ነው። አንድ ጉድጓድ፣ አራት ጠጠሮች፣ አንድ የአማርኛና አንድ የአፋን ኦሮሞ መልእክት ብቻ ያሉበት ናሙና ተሠርቶ፣ ሊገኝ በሚችለው እጅግ ርካሽ ስልክ ላይ ይጫናል። ፊደሎቹ ካሬ ከሆኑ፣ ስልኩ በጥቂት ደቂቃ ከጋለ ወይም ጠጠሮቹ ከተንገጫገጩ ቡድኑ ችግሩን በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀዋል። ከዓመት በኋላ ቢታወቅ ኖሮ ሥዕሎቹና ድምፆቹ ቢተርፉም፣ የተጻፈው ትእዛዝ አብዛኛው በሌላ ኢንጂን ቋንቋ እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት።