በበሩ ሥር ያለው ሻንጣ እስከ መቼ ይቆያል?

በታኅሣሥ 10 ቀን 2003 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ መጠኑ ከ5 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ ወደ ደቡብ ርቆ በሚገኘው በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ናዳ ወርዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ከእነዚህም መካከል የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡና ሁለተኛው ናዳ ያገኛቸው ብዙዎች ነበሩ። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫም ሆነ በሾኔ የሚኖር ሰው «ከቤት ቶሎ ውጡ» የሚባልበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል ከዚህ መገመት አያዳግተውም።

ለእንዲህ ያለው ቀን ሻንጣ ማሰናዳት ይገባል ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ያሰናዱም አሉ። ነገር ግን ሻንጣው አንድ ጊዜ ታስሮ ከተቀመጠ በኋላ የሚከፍተው የለም። የሚያስፈልግበት ቀን ሲደርስ በሶው ነቅዞ፣ ውኃው ሸትቶ፣ መድኃኒቱም ጊዜው አልፎበት ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ሻንጣውን ስለ መሙላት ብቻ ሳይሆን የተሞላውን ስለ መለዋወጥ ነው።

አምስት ነፍስ ያለበትን አንድ የሆሳዕና ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። አባትና እናት፣ ሁለት ልጆች፣ እንዲሁም የደም ግፊት መድኃኒት በየቀኑ የሚወስዱ አያት አሉ እንበል። ለሦስት ቀን ሲታሰብ 3 ኪሎ በሶ፣ 2 ኪሎ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳርና ጥቂት ጨው ይበቃቸዋል። ይህ ለጥጋብ ሳይሆን እግር እንዳይዝል ነው። ቆጮ የአገሩ ዋና ምግብ ቢሆንም ለዚህ ነገር አይመችም። በጉድጓድ ሳለ ለብዙ ወራት ቢቆይም ከተጋገረ በኋላ ግን የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ቡላም እሳት ይፈልጋል። በሶ ግን በውኃ ብቻ ይበጠበጣል።

ውኃን በተመለከተ፣ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ብናስብ ለአምስት ሰው የሦስት ቀኑ 45 ሊትር፣ ማለትም 45 ኪሎ ሸክም ይሆናል። ይህን ተሸክሞ መሸሽ አይቻልም። ስለዚህ በሻንጣው ለእያንዳንዱ ሰው 2 ሊትር ይያዛል። ለቀሪው ደግሞ ባዶ ጀሪካንና እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ ይጨመራል። የደፈረሰ ውኃ ሲገኝ በንጹሕ ነጠላ አጥልሎ፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምሮ፣ 30 ደቂቃ ጠብቆ መጠጣት ነው። ማከሚያው በሙቀትና በብርሃን ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ እርሱም የማብቂያ ቀን አለው። ከዚህ ሌላ ሳሙና፣ ክብሪት በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጋቢ፣ ዝርዝር ብር፣ የመታወቂያና የሕክምና ካርድ ቅጂ፣ ባትሪው ለብቻው የተቀመጠ የእጅ መብራትም ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ኢ፣ ኤክስ፣ ፒ ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት አጠገብ የሚታተመው ቀን አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በፓራሲታሞሉ ላይ 03/2027 የሚል ቢኖር፣ ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው ብሎ እስከ ኅዳር 2027 ዓ.ም. ያስቀምጠዋል። እውነተኛው ቀን ግን የማርች ወር መጨረሻ፣ ማለትም መጋቢት 22 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ስሕተቱ ከሰባት ዓመት ተኩል ይበልጣል!

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ላለው ወር ከዓመቱ ላይ 8፣ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር ላለው 7 ይቀነሳል። ወሩ ብቻ ከተጻፈ መድኃኒቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ያገለግላል፤ ያም በእኛ ወር ከ19 እስከ 25 ባለው ቀን ላይ ይውላል። ይህን አውጥቶ በፕላስተር ላይ በአማርኛ ጽፎ ከማሸጊያው ላይ መለጠፍ ነው። በወረቀት ከረጢት ተቆጥሮ የተሰጠ ክኒን ቀን ስለሌለው፣ እዚያው መድኃኒት ቤት ባለሙያውን ጠይቆ ማስጻፍ ያስፈልጋል።

ለመለዋወጫው ሁለት ታላላቅ ቀኖችን እንመርጣለን፤ አንደኛው መስቀል፣ ሁለተኛው ከተማይቱ ስሟን ያገኘችበት የሆሳዕና በዓል ነው። መስቀል ሐዲያ ያሆዴን፣ ከምባታም መሳላን የሚያከብሩበት ወቅት ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድነት ይገኛል። ደንቡም አንድ ነው፤ ከሚቀጥለው መለዋወጫ ቀን በፊት የሚያበቃ ዕቃ በሻንጣው ውስጥ አያድርም።

በምሳሌ እንየው። መስቀል መስከረም 17 ቀን 2019 ዓ.ም. ሻንጣው ተከፈተ እንበል። የሚቀጥለው የሆሳዕና በዓል ሚያዝያ 17 ቀን ነው። ፓራሲታሞሉ መጋቢት 22 ቀን ስለሚያበቃ ከሻንጣው ወጥቶ ለቤት ይውላል። 05/2027 የሚል የተጻፈበት የኦ አር ኤስ ከረጢት ግን እስከ ግንቦት 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ስለሚያገለግል ይቆያል። በሆሳዕና ቀን ሲታይ ከሚመጣው መስቀል በፊት የሚያበቃ ስለሆነ እርሱም ይወጣል። ሆኖም ገና ከወር በላይ ስለሚቀረው አይጣልም፤ ልጅ ተቅማጥ ቢይዘው ያገለግላል። ዱቄቱ ደርቆ ድንጋይ ከሆነ ወይም ቡናማ ከመሰለ ግን ቀኑ ባያልፍም ይጣላል። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

ከቤት የተቀዳ ውኃና የቤት በሶ ግን ይህን ያህል መቆየት የለባቸውም። ስለዚህ በመካከል በገናና በሰኔ መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ይለወጣሉ። በሶው የተፈጨበት ቀን በከረጢቱ ላይ ይጻፋል። አሮጌው ለቤተሰቡ ቁርስ ይሆናል፤ በሆሳዕና የሚወጣው ለሚጾሙት ለሰሙነ ሕማማት ይመቻል። ሲቀመስ የሚመር፣ የሻገተ ሽታ ያለው ወይም ድር የሠራ ከሆነ ለሰው አይሰጥም።

የአያትየው መድኃኒት ከሁሉ ይለያል። እርሱ በዓል አይጠብቅም። ከጤና ጣቢያ መድኃኒት በመጣ ቁጥር ከአዲሱ የሳምንት ያህል ወደ ሻንጣው ይገባል፤ በሻንጣው የነበረው ወጥቶ ቀድሞ ይዋጣል። በዚህ ዐይነት የሳምንቱ ስንቅ ምን ጊዜም አዲስ ነው፤ የሚባክንም አንድ ክኒን የለም። ይህ ካልተደረገ አያትየው ድንኳን ውስጥ ባደሩበት ሌሊት ግፊታቸው ሊነሣ ይችላል፤ መድኃኒት ቤቱም በዚያን ሌሊት ተዘግቶ ይሆናል።

በማሸጊያው ላይ ያለው ቀን ግን ላልተከፈተ ዕቃ ብቻ መሆኑን አንርሳ። በውኃ የተበጠበጠ የሕፃናት አንቲባዮቲክ እንደ ዐይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ይቆያል። የዐይን ጠብታም ከተከፈተ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአራት ሳምንት አያልፍም። ያልተከፈተ ኢንሱሊንም በማቀዝቀዣ የሚኖር ስለሆነ በሻንጣ አይከማችም። ስለዚህ «ስንወጣ ኢንሱሊኑን ከማቀዝቀዣ እንያዝ» የሚል ወረቀት በሻንጣው መያዣ ላይ ይታሰር።

በመጨረሻ አንድ የደብተር ገጽ በሻንጣው ክዳን ላይ ይለጠፍ። የዕቃው ስም፣ ብዛቱ፣ የሚያበቃበት ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ የተለወጠበትም ቀን በአራት ዓምድ ይጻፍበት። ማንበብ የሚችል ልጅ በየበዓሉ ገጹን ጮክ ብሎ እያነበበ እናት ዕቃውን ብታወጣ፣ ሥራው ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ ያልቃል።